«ምንም አይልም» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ሪፈረንስ ጥያቄና መልስ

ላለፉት 14 ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በሰው ሀብት ክፍል ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ባንክ ነበርኩ፣ አሁን መድኃኒት በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነኝ። ለሪፈረንስ የደወልኩላቸውን ሰዎች ቁጥር አላውቀውም። ስለዚህ ጉዳይ ጠይቁኝ ካልኩ ጀምሮ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ከሁሉም በላይ የተደጋገመው ደግሞ ስለዚያ ሞቅም ቀዝቀዝም ስለማይል መልስ ነው። የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (አዳማ፣ ፋብሪካ ውስጥ ኤች አር የጀመረ)፦ ለሪፈረንስ ስንደውል ምን ምን መጠየቅ ይፈቀድልናል? እኔ የምጠይቀው «እንዴት ነው ልጁ?» ብዬ ነው።

«እንዴት ነው ልጁ?» ብለህ ከጠየቅክ «ጎበዝ ልጅ ነው» ይሉሃል። ስልኩን ስትዘጋ ምንም አልያዝክም። እኔ አንድ መለኪያ አለኝ፦ የምጠይቀው ነገር ሰውዬው በዓይኑ ያየው፣ ደግሞም ከምቀጥርበት ሥራ ጋር የሚገናኝ መሆን አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ አልጠይቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ሪፈረንስ ሰጪው ራሱ እጠይቃለሁ። ከልጁ ጋር ስንት ጊዜ ሠሩ? የቅርብ አለቃው ነበሩ ወይስ የሌላ ክፍል ኃላፊ? ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። በሲቪው ላይ «ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ የተጻፈው ሰውዬ ልጁን በወር አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ብቻ ያየው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ሥራው እገባለሁ። ለሂሳብ ሠራተኛ ከሆነ «የወር መዝጊያ ላይ ሥራውን በስንተኛው ቀን ያስረክብ ነበር? ስህተት ሲገኝበትስ ምን ያደርግ ነበር?» እላለሁ። ለሽያጭ ከሆነ ስለ ደንበኛ እጠይቃለሁ። በሰዓት ስለመግባት፣ ስለ ለቀቀበት ምክንያት፣ በምን ላይ እገዛ እንደሚያስፈልገው መጠየቅም ተገቢ ነው።

ሌላው፣ ለአንድ ቦታ ሦስት ሰው ካለህ ለሦስቱም ሪፈረንስ ሰጪዎች ያንኑ ጥያቄ አቅርብ። ለአንዱ አምስት ደቂቃ፣ ለሌላው ሃያ ደቂቃ ከደወልክ ማወዳደር አትችልም። ጥያቄዎቹን ሳትደውል በፊት ወረቀት ላይ ጻፋቸው።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ የማይጠየቀውስ?

ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ ኤች አይ ቪ፣ የአካል ጉዳት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በእነዚህ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ በቀጥታ የሚጠይቅ ሰው የለም። «የየት አገር ልጅ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ሞልቷል። «የማን ዘመድ ነው?» የሚልም አለ። ለሴት ደግሞ «አግብታለች እንዴ? ትንሽ ልጅ አላት?» ይባላል። ጨዋታ ይመስላል። ግን መልሱን አንዴ ከሰማህ ከጭንቅላትህ አታወጣውም፣ ውሳኔህ ውስጥ ይገባል።

አንድ ሌላም ልጨምር። «ከሷችሁ ያውቃል?» የሚሉ አሠሪዎች አጋጥመውኛል። መብቱን ፍርድ ቤት ሄዶ የጠየቀ ሠራተኛ በዚያ ምክንያት ሥራ ሊከለከል አይገባም። ስለ ሕመምም እንዲሁ ነው። ሥራ ላይ በሰዓቱ ይገኝ ነበር ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ምን እንዳመመው ግን አንተን አይመለከትህም። ሪፈረንስ ሰጪው ሳትጠይቀው እንዲህ ያለ ነገር ካወራ «እሱን እንተወው፣ ስለ ሥራው ልጠይቅዎት» በል። ማስታወሻህ ላይም አትጻፈው።

ጥያቄ (ቦሌ፣ የአንድ ድርጅት ፋይናንስ ኃላፊ)፦ ደመወዝ መጠየቅ ግን ችግር የለውም። ሕጉ ራሱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ይጻፍ ይላል።

ግማሹ ልክ ነው። አዋጁ ሠራተኛው ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የሚከፈለውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። ግን ያ ደብዳቤ የሠራተኛው ነው። ሊያሳይህ የሚችለው እሱ ራሱ ነው። ሪፈረንስ ሰጪውን በስልክ ደመወዝ ስትጠይቀው ስለ ሥራ ብቃት ምንም አልጠየቅከውም። ብዙ ጊዜ ምን ያህል ዝቅ አድርጌ ላቅርብለት ለማለት ነው የሚጠየቀው። እኔ አልጠይቅም። የሥራ ባልደረቦቼ ግን ይጠይቃሉ፣ በዚህ ጉዳይ አልተስማማንም።

ጥያቄ (ጅማ)፦ እኔ አጎቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ደመወዙም ጥሩ ነው። ሪፈረንስ ይሆነኛል?

ወንድሜ፣ ዋስና ሪፈረንስ ተቀላቅለውብሃል። ዋስ የሚፈለገው ገንዘብ ወይም ንብረት ለሚያስረክቡህ ሥራ ነው፣ ብታጎድል ሊከፍል የሚፈርም ሰው ነው። የዋሱ ደመወዝ የሚጠየቀው ለዚያ ነው። ሪፈረንስ የሚሆንህ ግን ስትሠራ ያየህ ሰው ነው። አጎትህ ለዋስነት ሊጠቅምህ ይችላል። ለሪፈረንስ ግን የአፓረንትሺፕ ተቆጣጣሪህን፣ ገና ተመራቂ ከሆንክ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍህን ያማከረህን መምህር ስም ስጥ።

ጥያቄ (መገናኛ፣ የኤች አር ባለሙያ)፦ ዋናው ጥያቄዬ ይሄ ነው። ደውዬ «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» ብቻ ይሉኛል። ይህን እንዴት ልውሰደው? ልቅጠር ወይስ ልተው?

ይህን በሰፊው እመልሳለሁ። በእኛ አገር ስለ ሰው መጥፎ መናገር ከባድ ነው። «የሰው እንጀራ አልዘጋም» የሚለው ስሜት በጣም ጠንካራ ነው። ይሉኝታም አለ። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳይዋሽ ግን ሳይጎዳም ለማለፍ ሲፈልግ «ምንም አይልም» ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ ማንንም ማሞገስ የማይወድ አለቃ አለ። ለእሱ «ደህና ነው» ትልቅ ሙገሳ ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው፣ ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው። እዚያ ላይ ስልኩን ከዘጋሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂም።

ባለፈው ዓመት ያጋጠመኝን ልንገርሽ። ለመድኃኒት መጋዘናችን ስቶር ኪፐር እንፈልግ ነበር። ጥሩ ቃለ መጠይቅ ያደረገች ልጅ አገኘን። የቀድሞ መጋዘን ኃላፊዋ ጋ ደወልኩ። ሰውዬው «ደህና ነች። ጨዋ ናት። ምንም አትልም» አለኝና ዝም አለ።

«ጨዋ ናት» ስትባል ጆሮዬ ቆመ። ስለ ሥራ ተጠይቆ ስለ ጠባይ የመለሰ ሰው የዘለለው ነገር ሊኖር ይችላል። ግን ያ ገና ጥርጣሬ ነው። እንዲህ ጠየቅኩት፦

— በእርስዎ ሥር ስንት ስቶር ኪፐር ሠርቷል?
— ስድስት ይሆናሉ።
— ከስድስቱ እሷን የት ያስቀምጧታል?
— ከመሃል።
— ከሁሉም የሚበልጠው፣ ስሙ አያስፈልገኝም፣ ምን ያደርግ ነበር?
— እሱማ! ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ መድኃኒት ሳልነግረው ለይቶ፣ በዝርዝር ጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር።
— እሷስ?
(ትንሽ ዝም አለ።)
— ስነግራት ታደርጋለች።

እዚህ ላይ ለብ ያለው መልስ ወደ አንድ የሚያዝ ነገር ተለወጠ። ሰውዬው ማንንም አላማም። ስለ ጎበዙ ሲያወራ ድምፁ ደመቀ፣ ስለዚህ ማሞገስ የማይችል ሰው አይደለም። ልጅቷ የጎደላት ምን እንደሆነ ታወቀ፦ ጊዜው የሚያልፈውን ሳትታዘዝ መከታተል። ለእኛ ይህ ቀላል አይደለም። ለመድኃኒት መጋዘን አንዱ ትልቅ ኪሳራ መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ይቅርብን» ይላል። እኔ ግን ለሁለተኛው ሪፈረንስ፣ እዚያው ይሠራ ለነበረ ፋርማሲስት ደወልኩ። ያንኑ ጥያቄ አቀረብኩለት። የሰውዬውን መልስ አልነገርኩትም፣ ምክንያቱም ከነገርኩት የሚያረጋግጥ ወይም የሚከላከል እንጂ የሚመሰክር አይሆንም። እሱ «ጊዜው የሚያልፈውን ዝርዝር የምይዘው እኔ ነበርኩ። እሷ መቀበልና ማውጣት ነበር ሥራዋ። ቢን ካርዷ፣ የዕቃ ገቢና ወጪ የምትመዘግብበት ካርድ፣ ከቆጠራ ጋር ሲጣላ አላየሁም» አለኝ።

ከዚያ ልጅቷን ጠራኋት። ማን ምን አለ አላልኩም። «በቀድሞ ሥራሽ ጊዜው የሚያልፈውን ማን ይከታተል ነበር? አንቺስ ምን ታደርጊ ነበር?» ብቻ አልኩ። ከፋርማሲስቱ ጋር የሚገጥም መልስ ሰጠችኝ። ጨምራም «በፊት የነበረው ልጅ ይሠራው እንደነበር ሰምቻለሁ፣ እኔ ግን የእኔ ሥራ ነው ብሎ የነገረኝ የለም» አለች።

ቀጥሎ መጋዘን ወስደን 20 ቢን ካርድ ሰጠናትና አስተያየትሽን ጻፊ አልናት። ምን ፈልጊ አላልናትም። ከካርዶቹ ሦስቱ ላይ ጊዜያቸው ሊያልፍ ከሦስት ወር በታች የቀራቸው መድኃኒቶች ነበሩ። ሁለቱን አወጣች። አንዱ አመለጣት። አንድ የድምር ስህተት ግን እኛም ያላየነውን አገኘች።

ቀጠርናት። ግን የሥራ መዘርዝሯ ላይ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ጊዜው የሚያልፈውን ዝርዝር ታቀርባለች ብለን ጻፍን። ሕጉ የሚፈቅደውን 60 የሥራ ቀን ሙከራም በትክክል ተጠቀምንበት። ለብ ያለ ሪፈረንስን የምወስደው እንዲህ ነው። ውሳኔ አይደለም፣ ቀጥሎ የት መመልከት እንዳለብኝ የሚጠቁመኝ ነገር ነው።

ጥያቄ (ጋሼ፣ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ፣ መርካቶ አካባቢ)፦ እኔ 30 ዓመት ሰው ቀጥሬያለሁ። ድምፁን ስሰማ አውቀዋለሁ። ለብ ካለ እምቢ ማለት ነው፣ አበቃ።

ጋሼ፣ ልምድዎን አልንቅም። ድምፅ ይናገራል፣ እኔም ከላይ ያደረግኩት ድምፅ ማዳመጥ ነው። ግን ድምፅን የሚያቀዘቅዙ ብዙ ነገሮች አሉ። ሰውዬው ስብሰባ ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ሌላ ሠራተኛ ተቀምጦ ይሆናል። ማን እንደሚደውል ሳያምንም ቁጥብ ይሆናል፣ በተለይ ከማያውቀው የሞባይል ቁጥር ሲሆን።

አንዱን ደግሞ እኔም ዘግይቼ ነው የተማርኩት። በአንድ ወቅት ምዕራብ ኦሮሚያ ያለ የአንድ አመልካች የቀድሞ አለቃ ጋ ደውዬ በአጭር በአጭሩ መለሰልኝ። «ጥሩ ነው። ይሠራል።» በቃ። ቀዝቃዛ ሪፈረንስ ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ በአፋን ኦሮሞ መልሳ ደወለችለት። ሃያ አምስት ደቂቃ አወራ። ልጁ ማሽን ሲሰበር ሌሊት ተነስቶ እንደሚመጣ፣ ሁለት ተለማማጅ እንዳሠለጠነ፣ ሁሉንም ነገራት። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ስለነበር ነው ያጠረው። ከዚያ ወዲህ «በየትኛው ቋንቋ ቢሆን ይመችዎታል?» የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄዬ ነው።

ጋሼ መልሰው፦ እሺ ቋንቋውን ተቀብያለሁ። ግን ሁለት ሰው ለብ ካለስ?

ሁለቱ የማይተዋወቁ፣ በተለያየ ቦታ ያሠሩት ከሆነና ሁለቱም ያንኑ ጉድለት በምሳሌ ካነሱ፣ አዎ፣ ያኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ያ ጉድለት ለሥራው ዋና ከሆነ አልቀጥርም። ሁለቱ የተለያየ ነገር ካሉ ግን ገና ምንም አላወቅንም።

ጥያቄ (ባህር ዳር፣ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ)፦ «መልሰው ይቀጥሩታል?» የምትለው አንድ ጥያቄ ትበቃለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ጥሩ ጥያቄ ናት፣ ግን ብቻዋን እዚህ አገር ብዙም አትሠራም። ይሉኝታው «አዎ፣ ለምን አልቀጥረውም» ያስብላል። «አዎ» ሲሉዎት «ለየትኛው ሥራ?» ብለው ይቀጥሉ። እዚያ ላይ ነው እውነቱ የሚመጣው። አንድ ሆቴል ስለ እንግዳ ተቀባይ ሲጠየቅ «እቀጥረዋለሁ፣ ኋላ ክፍል ላይ፣ ዕቃ ግዢ ላይ» ካለ ነገሩን ነግሮዎታል። ከእንግዳ ጋር አያቀርበውም ማለት ነው።

ደግሞ «አይ» ካሉም ምክንያቱን ይጠይቁ። አንዳንድ ድርጅት የለቀቀን ሰው መልሶ የማይቀጥር ደንብ አለው። ያ ስለ ሰውየው ምንም አይናገርም።

ጥያቄ (ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እዚህ አሜሪካ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የሠራሁበትን ጊዜና የሥራ መደቤን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። አዲስ አበባ ሥራ አመልክቼ ነበር፣ የደወለው ሰው «ስለሷ ምንም ጥሩ ነገር አልተናገሩም» አለ ተባልኩ። በጣም ተናድጃለሁ።

መናደድሽ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ድርጅቶች ክስ ፈርተው ከጊዜና ከመደብ በላይ እንዳይናገሩ ደንብ አውጥተዋል። ለጎበዙም ለሰነፉም ያንኑ ነው የሚሉት። ያ ለብ ያለ ሪፈረንስ አይደለም፣ ጭራሽ ሪፈረንስ አይደለም። የደወለው ሰው «ስለ ሥራዋ የማትናገሩት ደንብ ስላላችሁ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ በአንድ ቃል ያውቀው ነበር።

አንቺ አሁን ማድረግ የምትችይው ደንቡን አስቀድመሽ መንገር ነው። «ድርጅቱ ይህን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው፣ ስለ ሥራዬ የምትናገረው በዚያን ጊዜ አለቃዬ የነበረችና አሁን ሌላ ቦታ ያለች ሴት ናት» ብለሽ ስልኳን ስጪ፣ ፈቃዷን ጠይቀሽ። የሰዓት ልዩነቱንም ጻፊላቸው፣ ሌሊት እንዳይደውሉላት። አገር ቤትም አንዳንድ ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች በስልክ አንናገርም፣ ደብዳቤ ጻፉ ይላሉ። ያም ከሰውየው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ጥያቄ (ሐዋሳ)፦ ሥራ ፈላጊ ነኝ። አለቃዬ ጋር ተጣልተን ነው የለቀቅኩት። ስሙን ባልሰጥ ይጠረጥሩኛል፣ ብሰጥ ያበላሽብኛል።

ስሙን ስጥ፣ ግን ቀድመህ አንተ ተናገር። «በዚህ ጉዳይ አልተስማማንም ነበር፣ ስለ ሥራዬ ግን ያውቃል» በል፣ በሁለት አረፍተ ነገር፣ ሳታማርር። ከዚያ ሥራህን ያየ ሌላ ሰው ጨምር። ሥራ የምታቀብለው ክፍል ኃላፊ ወይም ቋሚ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ጠብ እንዳለ አውቄ ስደውል የአለቃህን ቅዝቃዜ በዚያ ልክ እሰማዋለሁ። ሳላውቅ ስደውል ግን ያለቀለት ነው።

ከተቻለ ደግሞ አለቃህን ራስህ ደውለህ «ቢጠይቁህ ምን ትላለህ?» በለው። ቁጭ ብሎ ከተጠየቀ ብዙ ሰው የጠበቅከውን ያህል አይከፋም። ካከፋም ቢያንስ አስቀድመህ ታውቃለህ።

ጥያቄ (ስሟን ያልጠቀሰች፣ የክፍል ኃላፊ)፦ እኔ ከወዲያኛው በኩል ነኝ። መካከለኛ የነበረ ልጅ ሪፈረንስ አድርጎኛል። መዋሸት አልፈልግም፣ እንጀራውንም መዝጋት አልፈልግም።

እህቴ፣ ያየሽውን ከነሁኔታው ተናገሪ። «ሪፖርት ያዘገይ ነበር» ብቻ ካልሽ ዘጋሽበት። «ሪፖርት ያዘገይ ነበር፣ በዚያን ጊዜ የሁለት ሰው ሥራ ነበር የያዘው፤ ከሰው ጋር ሲሠራ ግን ጎበዝ ነው» ካልሽ ለሚቀጥረው ሰው የሚጠቅም ነገር ነገርሽው። «ምንም አይልም» የምትለው መልስ ልጁን የምታድን ይመስልሻል፣ ግን እንደኔ ያለ ሰው ሲሰማት ካሰብሽው በላይ ትጎዳዋለች።

ምንም ደህና ነገር ማለት ካልቻልሽ ደግሞ ልጁን አስቀድመሽ ንገሪው። «ሌላ ሰው ብትፈልግ ይሻልሃል» ማለት ሐቀኝነት ነው።

ጥያቄ (ፒያሳ፣ አነስተኛ ድርጅት ባለቤት)፦ ሲቪው ላይ ያልተጻፈ የማውቀው ሰው እዚያ መሥሪያ ቤት አለ። እሱን በጓዳ ብጠይቅ ምን ችግር አለው? እውነቱን የሚነግረኝ እሱ ነው።

ይህ ጥያቄ ያሳምመኛል። ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ልጁ ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበር፣ መልቀቂያ አላስገባም። የማውቀው ሰው በቅን ልብ ለሌላ ሰው ነገረ። በሁለት ቀን ውስጥ አለቃው ጆሮ ደረሰ። እኛም በሌላ ምክንያት ልጁን አልቀጠርነውም። እዚያ ያለው ኑሮው ተበላሸ። ስልክ ደውሎ «ምን አደረግኳችሁ?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

አሁን ያለበት መሥሪያ ቤት ያለፈቃዱ መደወል፣ በቀጥታም በጓዳም፣ በእኔ በኩል ክልክል ነው። ስምምነቱን በጽሑፍ እወስዳለሁ፣ የአሁኑ አሠሪ ጋ የምደውለው ደግሞ ቀጣሪው ውሳኔ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ሰው ስለራሱ የተያዘ መረጃን የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ማስታወሻዬን የምጽፈው አመልካቹ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ይመስል ነው። የጓዳ ወሬን እንዲያ መጻፍ አይቻልም።

የለቀቀበት የድሮ ቦታ ላይ ያልተጠቀሰን ሰው መጠየቅስ? በእሱ ላይ ልቤ አልቆረጠም። ብዙ ብር ለሚያንቀሳቅስ ገንዘብ ያዥ ከሆነ ለአመልካቹ «እዚያ የማውቀው ሰው አለ፣ ብጠይቀው ቅር ይልሃል?» ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። እምቢ ያለኝ የለም። ሳይነገረው ይደረግ የሚሉ ግን የማከብራቸው ሰዎች አሉ፣ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም፤ የተጻፉት ስሞች ሁልጊዜ ወዳጆቹ ናቸውና።

ጥያቄ (አዳማ፣ መጀመሪያ የጠየቀው)፦ ስለ ሪፈረንስ ይህን ያህል ካሰብን ለውሳኔው ስንት እጅ ይኑረው?

ትንሽ። ሽሚትና ሀንተር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ታዋቂ ጥናት አለ። ሪፈረንስ የኋላውን የሥራ ውጤት የመተንበይ አቅሙ 0.26 ነበር። በተዘጋጀ ጥያቄ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ 0.51፣ ሥራውን በናሙና ማሠራት 0.54። ሪፈረንስ የእነዚህ ግማሽ ገደማ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ልጅቷን ቢን ካርድ ይዛ ያየናት። ሪፈረንሱ የት እንድናይ ነገረን፣ ያሳየን ግን ካርዱ ነው።

ጥያቄ (መገናኛ)፦ ያቺ ስቶር ኪፐር እንዴት ሆነች?

እኛ ጋ ናት። ቆጠራዋ ንጹሕ ነው። ጊዜው የሚያልፈውን ዝርዝር በሙከራው ጊዜ አንዴ ማስታወስ ነበረብን፣ ከዚያ በኋላም አንድ ወር ዘግይቶ መጣ። አሁን ሦስት ወር የቀራቸው ካርቶኖች ላይ ቀይ ፕላስተር ትለጥፋለች። ፕላስተሩን ያሰበችው ራሷ ናት።